የመስመር ስልኩ እስኪነሳ

ቡሬ ውስጥ ባለ አንድ ዱቄት ፋብሪካ የሒሳብ ኃላፊ ነኝ። ይህ የሆነው በ2015 ዓ.ም. ገና ሊገባ 3 ቀን ሲቀረው ነው፤ ረቡዕ ታኅሣሥ 26። የበዓል ሰሞን ዱቄት ፋብሪካ ምን እንደሚመስል የሠራበት ያውቀዋል። በር ላይ አይሱዙ ተደርድሯል፣ ዳቦ ቤቶች ስልክ ይወቅጣሉ፣ ወፍጮው ሌሊትም አያርፍም። እኔ ደግሞ ጾመኛ ነኝ፤ እስከ ምሳ ድረስ ቡና እንኳ የለም። ያን ቀን ጠባዬም እንደዚያው ነበር።

ጆንያ የምንገዛው አዲስ አበባ ካለ አምራች ነው። 3 ዓመት ያለ አንዳች ክርክር አብረን ሠርተናል። ለዚያ ዙር ባለ 50 ኪሎ 40,000 ጆንያ፣ አንዱን በ36 ብር አዘን ነበር። ከ1,440,000 ብሩ 30 በመቶውን ቀድመን ከፍለናል። ጆንያው መጥቶ፣ ተቆጥሮ፣ መጋዘን ገብቷል። የቀረብን 1,008,000 ብር ነው።

ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ገንዘብ ያዧ ገባች።

«እትዬ፣ የጆንያዎቹ ሰዎች ሂሳብ ቀይረዋል።»

ወረቀቱን አየሁት። የድርጅቱ አርማ አለበት፣ ክብ ማህተም አለበት፣ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ አለበት። ነባሩ ሂሳባቸው በኦዲት ምክንያት ለጊዜው ስለማይንቀሳቀስ ቀሪውን 1,008,000 ብር በአዲሱ ሂሳብ እንድናስገባ ይላል። ገንዘቡ እስከ ሳንቲሙ ትክክል ነው። የግዥ ትዕዛዛችን ቁጥር ተጠቅሷል። ከታች ደግሞ «ለማረጋገጥ በዚህ ስልክ ይደውሉ» የሚል መስመርና የሞባይል ቁጥር።

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። የላኪውን አድራሻ ፊደል በፊደል አይታለች፤ አንዳንዴ m በሚመስል ቦታ r እና n ገጥመው እንደሚያጭበረብሩ ሰምታለች። አድራሻው ግን የራሳቸው ነው። መልእክቱም የመጣው ስለዚሁ ጆንያ ስንጻጻፍበት በነበረው ሰንሰለት ላይ ነው፤ ከሥሩ የእኛ የድሮ መልእክቶች አሉ። እሷም «እውነት ቀይራችኋል?» ብላ በኢሜይል ጠይቃ ነበር። በ10 ደቂቃ ውስጥ «አዎ፣ ስለ ጥንቃቄሽ እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጣላት። ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክም ደውላለች። አንድ ትሁት ሰውዬ አንስቶ፣ የጆንያውን ብዛት ሳይቀር ነግሯት፣ «መልካም በዓል እህቴ» ብሎ ዘጋ። ቀጥላ በራሷ ሞባይል ባንኪንግ ቁጥሩን አስገብታ ማን ስም እንደሚወጣ አየች። የወጣው ስም የድርጅቱ ነው ለማለት ይቻላል። «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» የሚለው ብቻ የለበትም።

እንግዲህ ሌላ ምን ታድርግ? የማስተላለፊያውን ደብዳቤ ጽፋ፣ ጋሼን አስፈርማ መጥታለች። ጋሼ የምንለው የፋብሪካውን ባለቤት ነው። ባንኩ ሁለት ፊርማ ይፈልጋል፤ የቀረው የእኔ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። ያቆመኝ ብልህነት አይደለም። አንድ ነገር ከነከነኝ። ደብዳቤው ሂሳቡንም ስልኩንም በአንድ ጊዜ ነው የቀየረው። ይህን የሞባይል ቁጥር 3 ዓመት ሙሉ አይቼው አላውቅም። የማላውቀውን ሂሳብ በማላውቀው ስልክ አረጋግጪ ነው የሚለኝ። ልጅቷ ሦስት ጊዜ ያረጋገጠች መስሏታል። ኢሜይሉ፣ ስልኩ፣ በባንኩ ላይ የወጣው ስም፣ ሦስቱም የተገኙት ግን ከዚያው ከአንዱ ወረቀት ነው። ሰውየውን ስለ ራሱ ራሱን እንደመጠየቅ ነው።

ከመደርደሪያ የ2012ቱን ቦክስ ፋይል አወረድኩ። የመጀመሪያ ውላችን ላይ የመስመር ስልክ አለ፣ በ011 የሚጀምር። ደወልኩ፤ አይነሳም። የፋይናንስ ኃላፊዋ ሞባይል አለኝ፤ ዝግ ነው። እንደገና መስመሩን። አይነሳም።

ጋሼ በዚህ መሀል ሁለቴ ብቅ አሉ።

«አልፈረምሽም እንዴ?»

«ጋሼ፣ ሰዎቹን በድሮው ስልክ ሳላገኝ አልፈርምም።»

«ሰው ዕቃውን አስረክቦ ለበዓል ገንዘቡን ይጠብቃል። ሊታዘበን ነው እኮ! ጎጃሜ ያበላል እንጂ ያስርባል ተብሎ አያውቅም።» ትንሽ አሰቡና፣ «ካልሆነ 100 ብር ልከን እንሞክረው። ደርሶናል ካሉ የነሱ ነው» አሉ።

ይህን ሐሳብ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ ብልሃት ይመስላል። 100 ብሩ ግን መድረሱ አይቀርም፤ የሌባ ሂሳብም ሂሳብ ነው። «ደረሰን» ብሎ የሚነግረንም ያው ትሁቱ ሰውዬ ነው። ሙከራው የሚያሳየው ቁጥሩ እንደሚሠራ ብቻ ነው። የማን እንደሆነ አይናገርም። ይህን ስነግራቸው ጋሼ አጉረመረሙና ወደ መጋዘን ሄዱ።

7 ሰዓት ላይ ትሁቱ ሰውዬ ራሱ ደወለ። ትሕትናው ትንሽ ቀንሷል። ዛሬ ካልተከፈለ የሚቀጥለው ጆንያ ለሌላ ደንበኛ እንደሚሰጥ ነገረኝ። የማውቃቸው ሰዎች በአንድ ቀን መዘግየት እንዲህ ብለው አያውቁም። «ነገ ይደርሳችኋል» አልኩት። ባላስደነግጠው ይሻላል ብዬ ነው።

የመስመር ስልኩ የተነሳው 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ጥበቃው አንስቶ ኃላፊዋን ጠራልኝ። ሞባይሏ ጠዋት ወድቆ ተሰብሮ ኖሯል፤ ከሌላው ነገር ጋር አይገናኝም፣ እንዲሁ የዕድል ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተጠንቅቄያለሁ። «ሂሳባችሁ ይህ ነው አይደል?» ብዬ አዲሱን ቁጥር አላነበብኩላትም። ሰው በሥራ ተጠምዶ ሲጠየቅ «አዎ አዎ» ማለት ይቀናዋል። ስለ ደብዳቤውም አላነሳሁም። እንዲህ ብቻ አልኳት፦ «ቀሪውን ልከፍል ነው። የምትፈልጉት በየትኛው ሂሳብ ነው? ቁጥሩን ንገሪኝ።»

ያለ ምንም ማመንታት የድሮውን ነገረችኝ።

«ሂሳብ ቀይረናል ብላችሁ ደብዳቤ ልካችሁ ነበር?»

ዝም አለች። የፋብሪካቸው ማሽን ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ፣ «የምን ደብዳቤ?»

የኢሜይል ሳጥኗን ከፍታ ፈለገች፤ የእኛ መልእክት የለም። የእኔ ገንዘብ ያዥ ጠዋት የላከችው ጥያቄ የለም፣ «አዎ፣ ቀይረናል» የሚለው መልስም ከተላኩት ውስጥ የለም። የኮምፒውተር ሠራተኛቸውን ጠርታ ሲፈልጉ ጉዱ ወጣ። ሌባው የእሷን ፓስወርድ ይዞ ቀናት አልፈውታል። ሳጥኗ ውስጥ ገብቶ፣ ከእኛ አድራሻ የሚመጣ ሁሉ በራሱ ጊዜ RSS Feeds ወደሚባል ማንም ወደማይከፍተው ፎልደር እንዲሄድ ትእዛዝ አኑሯል። እዚያ ያነባል፣ እዚያው ይመልሳል፣ የላከውን ያጠፋል። የጆንያውን ቁጥር፣ ቀሪውን ብር፣ የትዕዛዙን ቁጥር ያወቀው ደብዳቤያችንን እያነበበ ነው። አርማውንና ማህተሙን ደግሞ ከድሮ ደረሰኝ ላይ ቆርጦ ለጥፏል።

ፓስወርዱ እንዴት እንደተወሰደ በኋላ ነገረችኝ። «የኢሜይል ቦታዎ ሞልቷል፣ እዚህ ይግቡ» የሚል መልእክት መጥቶላት፣ የተከፈተው ገጽ የራሳቸውን ስለሚመስል ፓስወርዷን ጽፋበታለች። ሲያጸዱ ፓስወርዱን መቀየር ብቻ አልበቃም፤ ያችን የተደበቀች ትእዛዝም ማጥፋት ነበረባቸው። አለዚያ ሌባው ከሳጥኑ ቢወጣም የእኛ መልእክት እዚያው ፎልደር ውስጥ መቀበሩን ይቀጥላል።

እኛ ሐሙስ ዕለት በድሮው ሂሳብ ከፈልን። ሌላ አንድ ደንበኛቸው ግን ማክሰኞ ከፍሎ አድሯል። እሱም አረጋግጦ ነበር፤ በኢሜይል። ባንክ ሲደርስ ገንዘቡ በዚያው ዕለት ወጥቷል ተባለ። ለፖሊስም ለባንኩም አመልክተዋል። ባንኩ ሂሳቡን ማገድ ይችላል፤ ባዶ ሂሳብ ማገድ ግን ለከፋዩ ምን ይጠቅመዋል?

ጋሼ ምንም አላሉም። ማታ ላይ ግን ሽሮ ከነድስቱ ከቤታቸው አስላኩልኝ። በእሳቸው ቋንቋ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

ከዚያ ወዲህ አሠራራችን ትንሽ ተቀይሯል። የእያንዳንዱ አቅራቢ ፋይል ፊት ላይ አንድ ወረቀት አለ፤ ውል ስንፈርም የተቀበልናቸው ስልኮች የተጻፉበት። ሂሳብ ተቀየረ ከተባለ የሚደወለው በእነዚያ ብቻ ነው። የሚደውለው ክፍያውን ያዘጋጀው ሰው አይደለም። በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ቁጥር፣ ማን እንዳነሳ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል።

ስልክ መደወል ሁሉን ይፈታል ማለቴ አይደለም። የምታነሳው የፋይናንስ ኃላፊ ራሷ ከሌባው ጋር ብትሆንስ? ስለዚህ በእነሱ በኩል ሁለት ሰው እናናግራለን፤ አንዱ ሥራ አስኪያጁ ነው። ዋናው ደብዳቤ ደግሞ ከሚቀጥለው ጭነት ጋር በሾፌሩ እጅ ይመጣል። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወረቀት በመኪና መጠበቅ ያሰለቻል። አቅራቢው የእውነት ከቸኮለ በድርጅቱ ሙሉ ስም ሲፒኦ አሠርተን እንሰጠዋለን። ሲፒኦው የሚመነዘረው ስሙ በተጻፈበት ድርጅት በኩል ስለሆነ፣ ስሟ ትንሽ የጎደለች ሂሳብ ውስጥ አይገባም።

አምና እኛም በተራችን ባንክ ቀየርን። ለደንበኞች ሁሉ ደብዳቤ በተንን። በማግስቱ አንድ የዳንግላ ዳቦ ጋጋሪ ደወሉልኝ። አዲሱ ስልካችን ደብዳቤው ላይ አለ፤ እሳቸው ግን የደወሉት ድሮ በሚያውቁት በአሮጌው ነው።

«ልጄ፣ ደብዳቤ ደርሶኛል» አሉ።

«አዎ አባባ፣ አዲሱ ሂሳባችን...»

«ቆይ ቆይ። እኔ ፊደል ብዙም አልቆጠርኩ፤ ወረቀቱን ልጁ ይዞልኛል። አንቺ ከራስሽ ቁጥሩን ንገሪኝ፣ እሱ ያያል።»

ቁጥሩን ከሐሳቤ አላውቀውም ነበር። «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ አባባ» ብዬ የቼክ ደብተሩን ከካዝና ላወጣ ተነሳሁ።