አራት ራይት ያገኘው ሲቪ

የባክኤንድ ዴቨሎፐር ማስታወቂያ ያወጣን ጊዜ አምስት ሰዎች ብቻ ነበርን። ደንበኛ በስልኩ ከፍሎ ሂሳቡን የሚሞላበት ሲስተም ነው የምንሠራው። ማስታወቂያው ላይ የምንጠቀምባቸውን አራት ነገሮች ጻፍን፦ ጃንጎ፣ ፖስትግረስ፣ ሬዲስ፣ ሴለሪ። አርባ ምናምን ሲቪ መጣ። ማጣራቱ ለእኔ ደረሰኝ። ኤክሴል ከፍቼ ለእያንዳንዱ አመልካች አራት ሳጥን አዘጋጀሁ፤ ቃሉ ሲቪው ላይ ካለ ራይት፣ ከሌለ ባዶ። በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት።

አንድ ልጅ አራቱንም አገኘ። እንዲያውም ከአራቱ ሌላ ሪአክት፣ ፍላተር፣ ዶከር፣ ኩበርኔቲስ እያለ አሥራ ስምንት ስም ደርድሯል። አንዲት ልጅ ደግሞ ሬዲስ ላይ ብቻ አንድ ራይት አገኘች። የሠራችው በላራቬልና በማይኤስኪውኤል ነው። የእሷን ሲቪ አንድ ደቂቃም አልሰጠሁትም። ልጁን ጠራነው፣ ሴለሪ ምን እንደሚሠራ ጠየቅነው፣ ጥሩ አድርጎ መለሰ፣ ቀጠርነው።

ሦስተኛው ወር ላይ የሂሳብ ክፍል ባልደረባችን ወረቀት ይዛ መጣች። «ይሄ ደንበኛ የከፈለው 500 ብር ነው፣ እኛ ጋ ግን 1,000 ገብቶለታል» አለች። አንድ ቢሆን እንለፈው ይባላል፣ እሷ ግን አሥራ አንድ ሰው አክብባ ነበር የመጣችው። ልጁ ሁለት ቀን ሙሉ ፈለገ። ኮዱን በራሱ ኮምፒውተር ደጋግሞ ሞከረው፣ ሁልጊዜ በትክክል ይሠራል። በመጨረሻ «ችግሩ ከክፍያ ድርጅቱ ነው፣ ሁለቴ እየላኩ ነው» አለ። ሁለቴ መላካቸው እውነት ነው። ግን ይህ የእነሱ ስህተት አይደለም፤ ቶሎ መልስ ካላገኙ ማሳወቂያውን ደግመው ይልካሉ፣ አሠራሩ እንደዚያ ነው። ኮዱ ይሄ ነበር፦

```python
order = Order.objects.get(ref=ref)
if not order.paid:
    verify_payment(ref)
    order.paid = True
    order.save()
    add_balance(order)
```

ስታየው ምንም የለበትም። ከተከፈለ ዝለል፣ ካልተከፈለ ጨምር ነው የሚለው። ችግሩ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። እዚያ ጋ ክፍያው እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ክፍያ ድርጅቱ ጥያቄ ይሄዳል፣ ኔትወርክ በደከመ ቀን መልሱ ብዙ ሰከንድ ይፈጃል። በዚህ መሃል መልስ ያጣው ድርጅት ማሳወቂያውን ደግሞ ይልካል። ሁለተኛው ሲገባ የመጀመሪያው ገና `save` ላይ ስላልደረሰ `paid` አሁንም `False` ነው፣ ስለዚህ ሁለቱም ያልፋሉ፣ ሁለቱም ብር ይጨምራሉ። በራስህ ኮምፒውተር ላይ አንድ በአንድ ስትሞክረው መቼም አታየውም።

ማረጋገጡን ወደ ፊት አመጣነው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን `transaction.atomic()` ውስጥ አስገባን፣ ትዕዛዙንም በ`select_for_update()` ቆልፈን ማንበብ ጀመርን። የሂሳብ መዝገቡ ሰንጠረዥ ላይም አንድ የክፍያ ቁጥር ሁለቴ እንዳይገባ `unique` ጨመርን። ኮዱ ቢሳሳት እንኳ ዳታቤዙ እምቢ ይላል።

የዚያን ቀን ማታ የልጁን ሲቪ እንደገና አወጣሁት። ውሸት የለበትም። ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስት ፕሮጀክት ነው ያለው፣ በሁሉም ላይ «ተሳትፌያለሁ» ይላል። በየትኛው ክፍል? ምንን ወስኖ? ምንም የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲስተሙ ተለቆ ሰው እየተጠቀመበት እያለ የቆየበት ፕሮጀክት አንድም አላየሁም። ሠርቶ አስረክቦ ወደሚቀጥለው የሄደ ነው የሚመስለው። እንዲህ ያለ ብልሽት ደግሞ የሚመጣው ከተለቀቀ በኋላ ነው።

ከዚያ የልጅቷን ከፈትኩ። አንድ ፕሮጀክት ብቻ ነው ሰፋ አድርጋ የጻፈችው። ክፍያ የሚቀበል ሲስተም ነው፣ ለሁለት ዓመት ከስምንት ወር እሷ ይዛዋለች። አንዱ መስመር ላይ፣ የክፍያ ማሳወቂያ ሲደገም ብር ሁለቴ ይመዘገብ እንደነበርና በክፍያ ቁጥሩ ላይ ገደብ ጨምራ እንዳስቆመችው ይላል። እኛ ደንበኛ ፊት የወደቅንበትን ነገር እሷ ሲቪዋ ላይ በአንድ መስመር ጽፋዋለች፣ እኔ ደግሞ ጃንጎ የሚል ቃል ስላጣሁ ብቻ አልፌዋለሁ። በጣም ነው ያዘንኩት።

ባዶ ያደረግኳቸውን ሦስት ሳጥኖች በየተራ አየኋቸው። ላራቬል እና ጃንጎ ቋንቋቸው ይለያያል፣ የሚሠሩት ሥራ ግን ያው ነው። ሁለቱም ማይግሬሽን አላቸው፣ ሁለቱም ዳታቤዙን በኦብጀክት ያናግራሉ። የላራቬል `lockForUpdate()` የጃንጎው `select_for_update()` ነው። ሴለሪ ለእኛ የሚሠራውን የላራቬል ኪው ለእሷ ይሠራላታል፣ ሬዲሷም እዚያው ላይ ነበር። ፒኤችፒ የሚያውቅ ሰው ፓይተን ለመጻፍ ወራት አያስፈልገውም። ይሄ ግን ለሁሉም ባዶ ሳጥን አይሠራም። ዌብ ፍሮንትኤንድ ብቻ የሠራ ሰው ስለ ቁልፍና ስለ ትራንዛክሽን ላያውቅ ይችላል፣ እዚያ ጋ የሚጎድለው ልምዱ ራሱ ነው። ቡድኑ ውስጥ ጃንጎ የሚያውቅ ሰው ባይኖር ኖሮም እሷን መጥራት ያስፈራኝ ነበር። እኛ ግን ሦስት ነበርን።

ሁለተኛ ቦታ ሲከፈት ደወልኩላት። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ጃንጎ አልጠየቅኳትም። «ከሠራሽው አንዱን ምረጪ፣ ከተለቀቀ በኋላ ምን ተበላሸ?» አልኳት። አርባ ደቂቃ አወራች። ማን እንደደወለላት፣ ሎጉ ላይ መጀመሪያ ምን እንዳየች፣ መጀመሪያ ያደረገችው ማስተካከያ ለምን እንዳልሠራ። ራሱ የነካው ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው፤ ዳር ቆሞ ያየ ሰው ሁለተኛው «ለምን» ላይ ያልቅበታል። የእኛን ኮድ ሳሳያት ደግሞ «ፖስትግረስ ላይ ዲፎልቱ `READ COMMITTED` ነው አይደል? ማይኤስኪውኤል ላይ `REPEATABLE READ` ነበር የለመድኩት፣ እሱን ማየት አለብኝ» አለች። የምታውቀው የት ጋ እንደሚያልቅ ጭምር ታውቃለች። ከገባች በሦስተኛው ሳምንት የራሷን ኮድ ፕሮዳክሽን ላይ አወጣች። ያስቸገራት ሴለሪ ነበር፣ ያውም የከሸፈ ታስክ እንዴት እንደሚደገም የሚወስነው ሴቲንግ እንጂ ፓይተን አልነበረም።

ልጁስ? ያንኑ ጥያቄ ለእሱም ጠየቅኩት፣ ከመቅጠራችን በፊት መጠየቅ የነበረብኝን። ዶከር አንድ ቲውቶሪያል፣ ፍላተር የጓደኛ ሥራ እገዛ። ሪአክት ላይ ስንደርስ ግን ድምፁ ተቀየረ። ለአንድ መጋዘን የአድሚን ገጽ ብቻውን ሠርቶ ዓመት ሙሉ እያስተካከለው ኖሯል፣ የዕቃ ጠባቂው አይን ስለሚደክም ፊደሎቹን እንዴት እንዳተለቀለት ሳይቀር ነገረኝ። ሲቪው ላይ ይሄ መጨረሻ ገጽ ታች፣ ግማሽ መስመር ነው። ውሎ አድሮ የአድሚን ገጻችንን ለእሱ ሰጠነው። መጀመሪያ የሠራው፣ ለሂሳብ ክፍሏ ባልደረባችን አንድ የክፍያ ቁጥር ሲደገም በቀይ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው።