«አየት አድርገህ»

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ነው። መብራቱ ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። እንዲህ ባለ ቀን ስልኬ ባይጮህ ደስ ይለኛል። ጮኸ። ቡና የሚሰበስቡት ጋሼ ናቸው፤ «ልጄ፣ ይህችን ኤክሴል አየት አድርገህ ትንታኔ ሥራልኝ።» ፋይል ግን የለም።

«ጋሼ፣ ፋይሉ አልመጣም» ብዬ መጻፍ ጀምሬ እጄ ቆመ። ቢመጣስ? የአምናው ትዝ አለኝ። «መጠን» የሚል ኮለም ነበረው፣ በቃ መጠን። አንዱ ሴል 40 ይላል፣ ከሥሩ 680። SUM ብዬ 720 ሰጠኝ፤ ልልከው ምንም አልቀረኝም ነበር። ለካ 40ው ፈረሱላ ነው፣ 680ው ኪሎ። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና ሁለቱ እኩል ናቸው፣ እውነተኛው ድምር 1360 ኪሎ። ኤክሴል ምን አገባው፣ ቁጥር አየ፣ ደመረ። ሁሉም ኪሎ ሆኖ ደግሞ አንዱ እሸት ሌላው ጀንፈል ከሆነ ድምሩ ምንም አይደለም፤ እሸቱ ሲደርቅ ስንት እንደሚወርድ ጋሼ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፣ ግን ኮለሙ ላይ አይጽፉትም።

ቀኑማ ጉድ ነው። ጥቅምት 28ን 28/2/2017 ብለው በእኛ አቆጣጠር ይጽፋሉ። ቀን አስቀድሞ የሚያነብ ኮምፒውተር የፈረንጅ ፌብሩዋሪ 28 ነው ብሎ ዝም ብሎ ይቀበላል። 29 እና 30 ላይ ሲደርስ ግን በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 28 ላይ ስለሚያልቅ ጽሑፍ አድርጎ ወደ ግራ ያስጠጋቸዋል። በቀን ለይተህ ስትደምር ሁለቱ ቀን የሉም፤ ቡናው በሚጎርፍበት ሰሞን።

ባዶ ሴሎቹስ? በአራት ቀን ውስጥ ሁለቱ ቀን 300፣ 300፣ ሁለቱ ባዶ ከሆኑ AVERAGE 300 ይላል። ባዶው ቦታ 0 ቢጻፍ 150። ቡና ያልመጣበት ቀን ነው ወይስ ጸሐፊው ያልመጣበት? ይህን ፋይሉ አይነግረኝም፣ ጋሼ ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

«ትንታኔ» ያሉትም አልገባኝም። ማን ብዙ እንዳመጣ ከሆነ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ከሰርሁ ወይ ማለታቸው ከሆነ የሸጡበት ዋጋና የመኪናው ኪራይ ያስፈልጋል፤ እነሱ ደግሞ የትኛውም ኮለም ላይ ኖረው አያውቁም።

ይህን ሁሉ እያሰላሰልኩ የራሴን የወጪ ደብተር ከፈትኩ፣ ለንጽጽር ያህል። ሰኔ ላይ «እማዬ — 3» ይላል። 3 ምን? ሺህ ብር ነው? ኪሎ ስኳር ነው? ሰጠኋት ወይስ ተበደርኳት? የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው፣ ግማሽ ሰዓት አፈጠጥኩበት።

መብራቱ ተመልሷል። ለጋሼ እስካሁን አልመለስኩም። እማዬን ደውዬ ልጠይቃት ወይስ ይቅርብኝ?