መብረቁ ጣና ላይ አልነበረም

ግንቦት መጨረሻ ነበር፤ እሁድ ምሽት። ከባለቤቴ ጋር ጣና ዳር ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን ነው። በዘጌ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። በቀኝ ዓይኔ ጠርዝ ብልጭ አለ። «መብረቅ ጀመረ፣ እንነሳ» አልኳት። «የምን መብረቅ? እኔ ምንም አላየሁም» አለች። ትንሽ ቆይቶ ደገመው። ነጎድጓድ ግን የለም።

ቤት ገብተን መብራት ካጠፋን በኋላም አልተወኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ራሴን ባዞርኩ ቁጥር፣ እዚያው ጠርዙ ላይ፣ ቅስት መስሎ ብልጭ ይላል። መብረቁ ዓይኔ ውስጥ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ገብቶኝም ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ሻይ ቤት ትንኝ አስቸገረችኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ትንኝ ብርቅ አይደለም፤ በእጄ አባረርኳት። አልሄደችም። ዓይኔን ወደ ግራ ሳዞር ወደ ግራ፣ ወደ ላይ ሳይ ወደ ላይ ትከተለኛለች። ከሰዓት የተማሪዎች ፈተና ሳርም ደግሞ ነጩ ወረቀት ላይ ጥላሸት የተበተነ መሰለኝ። ወረቀቱን እፍ አልኩት። ሁለት ጊዜ።

ወደ ቤት ስመለስ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ልጁ አይቶኝ «አለርጂ ነው ጋሼ» አለና የዓይን ጠብታ ሰጠኝ። በእሱ አልፈርድም፤ ዓይኔ አልቀላም፣ አላመመኝም፣ እኔም «የሆነ ነገር ይበርብኛል» ከማለት በቀር ብልጭታውን አልነገርኩትም። ማክሰኞን ሙሉ ጠብታዬን እያደረግሁ ዋልኩ።

ረቡዕ ጠዋት ያዳነኝ ሳሙና ነው። ፊቴን ስታጠብ ግራ ዓይኔ ውስጥ ገባና ጨፈንኩት። በቀኜ ብቻ መስታወቱን ሳይ፣ በአፍንጫዬ በኩል ታችኛው ጥግ የለም። ጥቁር ግራጫ ጥላ ሸፍኖታል። ግራ ዓይኔን ገለጥኩ፣ ጥላው ጠፋ። ጨፈንኩ፣ ተመለሰ። ለካ ደህናው ዓይን የታመመውን ጉድለት እየሸፈነልኝ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እናቴ ጸበል አለች። ጸበሉ ከሕክምናው በኋላ ይሁን ብለን ተስማማንና ባጃጅ ይዤ ወደ ዓይን ሕክምና ሄድኩ። የካርድ ክፍሏ ልጅ «ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ልስጥዎት» አለች። መጀመሪያ ላይ «ዓይኔን አሞኝ ነው» ብያት ነበር። እንደገና እንዲህ አልኳት፦ «በቀኝ ዓይኔ ብቻ፣ እሁድ ብልጭታ ጀመረ፣ ሰኞ ጥቁር ብናኝ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከጥግ ጥላ መጣ።» ብዕሯን አስቀምጣ ተነሳች። በአሥር ደቂቃ ውስጥ የዓይን ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ገብቶልኝ ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ግንባሯ ላይ መብራት አስራ፣ በእጇ ሌንስ ይዛ፣ «ወደ ላይ ይዩ ጋሼ፣ ወደ ቀኝ ይዩ» እያለች የዓይኔን ዳርቻ በትንሽ ብረት እየተጫነች ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ወረቀት ላይ ክብ ስላ አስረዳችኝ።

የዓይናችን ውስጥ እንደ እንቁላል ነጭ ባለ ነገር የተሞላ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይቀጥንና ከኋላው ካለው ስስ ሽፋን፣ ከሬቲና፣ ይላቀቃል። ሲላቀቅ ሬቲናውን ይጎትተዋል። ሬቲና ሲጎተት ሕመም አያውቅም፤ የሚያውቀው ብርሃን ብቻ ስለሆነ ብልጭታ ያሳያል። አጥብቆ የተያዘበት ቦታ ካለ ደግሞ ይቀደዳል። ጥላሸቱ ከቅዳዱ የወጣ ደምና ቀለም ነው። በቅዳዱ ፈሳሽ ይገባና ሬቲናውን ከግድግዳው ያነሳዋል። ድሮ በቤታችን ግድግዳ ላይ ጋዜጣ እንለጥፍ አልነበር? ዝናብ ከኋላው ሲገባ ከላይ ጀምሮ ይረግባል። እንደዚያ ነው። የእኔ ቅዳድ ከላይ በውጭ በኩል ነበር፤ ዓይን ምስልን ገልብጦ ስለሚቀበል ጥላው ከታች በአፍንጫዬ በኩል ታየኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማደርገው ወፍራም መነጽርም አለበት። ሩቅ ማየት የሚቸግረው ሰው ዓይኑ ረዘም ያለ ነው፣ ሬቲናውም ተወጥሮ ይሳሳል።

«መሀሉ ገና አልተነሳም» አለች። መሀሉ የምናነብበት፣ የሰው ፊት የምንለይበት ቦታ ነው። እሱ ከተነሳ በኋላ ሬቲናው ተመልሶ ቢለጠፍም እይታው እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮ የለም፤ አዲስ አበባ ላለ የሬቲና ሐኪም እዚያው ደወለች። እስክሄድ በቀኝ ጎኔ እንድተኛ ነገረችኝ፣ ፈሳሹ ወደ መሀሉ እንዳይወርድ። ስወጣ «ሰኞ ብመጣስ ኖሮ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ቅዳድ ብቻ ከነበረ ዙሪያውን በሌዘር እንበይድልዎ ነበር፤ ቁጭ ብለው፣ በደቂቃዎች» አለች። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሐሙስ ጠዋት በአውሮፕላን ሄድኩ፤ ዓርብ ቀዶ ሕክምናው ተደረገልኝ። ዝልግልጉን አውጥተው፣ ቅዳዱን በሌዘር በይደው፣ ሬቲናውን ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ ጋዝ ሞሉበት። ከዚያ በፊት ግን ሐኪሙ ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ፦ «ባሕር ዳር በምን ነው የሚመለሱት?» ጋዝ ከፍታ ሲጨምር ይሰፋል፤ በአውሮፕላን ቢወጡበት የዓይን ግፊት በአንዴ ጨምሮ ዓይኑን ሊያጠፋው ይችላል። «በመኪናስ?» አልኩ። የዓባይን በረሃ አስታወሰኝ። ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው አቀበት ብቻ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በጋዝ ፈንታ የሲሊኮን ዘይት መሙላት ይቻላል፤ እሱ መንገድ አይከለክልም፣ ግን ለማውጣት ሌላ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ጋዙን መረጥኩና ወንድሜ ቤት ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ።

ቀን ቀና ብዬ መቀመጥ፣ ሌሊት በግራ ጎኔ መተኛት፣ በጀርባ ፈጽሞ አለመተኛት። አረፋው ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ ቅዳዱ ከላይ እንዲሆን ነው፤ ቅዳዱ ሌላ ቦታ ለሆነ ሰው አተኛኘቱም ሌላ ነው። መጀመሪያ የማየው ጭጋግ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ከላይ በኩል ጠራ፣ ከታች የጋዙ መስመር በጠርሙስ እንዳለ ውኃ ይዋልላል። መስመሩ በየቀኑ ወረደ፣ ትንሽ ኳስ ሆነ፣ ጠፋ። ሐኪሙ መጥፋቱን አይቶ ሲፈቅድልኝ በአውቶቡስ ተመለስኩ።

አሁን አነብበታለሁ። ቀጥ ያለ መስመር ትንሽ ይጎብጥብኛል፣ ሞራ ደግሞ ቶሎ እንደሚመጣ ነግረውኛል። ግራ ዓይኔም ሳስቶ የተገኘ ቦታ ስለነበረው በሌዘር ተበየደ። ጠዋት ጠዋት ዓይኖቼን ተራ በተራ እሸፍንና የመስኮቱን አራት ጥግ እቆጥራለሁ።

ባለፈው ወር የትምህርት ቤታችን ዘበኛ «ትንኝ አስቸገረችኝ» አለኝ። በአንድ ዓይኑ ብቻ፣ ከትናንት ጀምሮ። ፈረቃውን አስይዤ በዚያው ሰዓት ወሰድኩት። ቅዳድ አልተገኘበትም። ሐኪሟ እንዳለችው እንዲህ ሆነው ከሚመጡ ሰዎች ቅዳድ የሚገኝባቸው ከአሥር አንዱ ገደማ ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ ግን ዓይኑ ሳይሰፋ አይታወቅም። ቅዳድ ዘግይቶም ስለሚመጣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመለስ ተባለ፤ ጥላ ካየ ደግሞ በዚያው ቀን። «በከንቱ አስደነገጥከኝ» አለኝ ባጃጅ ውስጥ። የቀጠሮውን ቀን በእኔ ስልክ ሞልቼዋለሁ፤ እሱ ይረሳል።