ትርፍ አንጀቴ በፈተና ሳምንት፦ የፈተና ማራዘሚያ ማመልከቻዬ ለምን ሁለት ጊዜ ተጻፈ

ሕመሙ የጀመረኝ ቅዳሜ ሰኔ 7 ማታ ነው። መጀመሪያ እምብርቴ አካባቢ ነበር፤ እኩለ ሌሊት ላይ ወደ ቀኝ ጎኔ ወርዶ ቀጥ ብሎ መቆም ከለከለኝ። ታላቅ እህቴ ሆስፒታል ወሰደችኝ፣ ትርፍ አንጀት ነው ተባለ፣ እሑድ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ሰመመኑ ለቆኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ቁስሉ አልነበረም። ማክሰኞ ሰኔ 10 ጠዋት 3 ሰዓት ኮስት አካውንቲንግ፣ ዓርብ ሰኔ 13 ስታቲስቲክስ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ ሰኔ 17 ደግሞ ኦዲት ፈተና ነበረብኝ።

ሰኞ ጠዋት አልጋ ላይ ሆኜ ለእህቴ ማመልከቻ አስጻፍኳት። አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል። አንድ ገጽ ተኩል ነው። «ክቡር ሆይ» ብሎ ይጀምርና ያለፈው ሴሚስተር ውጤቴን፣ የቤተሰቤን ችግር፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፍኩ ይዘረዝራል። ጥያቄው መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ይመጣል፦ «ፈተናዎቼ ሁሉ እንዲራዘሙልኝ እለምናለሁ»። አባሪው የመድኃኒት ማዘዣና የፋርማሲ ደረሰኝ ነበር፤ በእጃችን የነበረው ወረቀት እሱ ብቻ ስለሆነ።

እህቴ ወረቀቱን ይዛ ትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ዘንድ ገባች። ኃላፊዋ አንብበው ሲጨርሱ «ወንድምሽ መታመሙን አልተጠራጠርኩም» አሏት። «ግን የትኛው ፈተና ነው የሚራዘምለት? ሐኪሙ ከመቼ እስከ መቼ ነው አይችልም ያለው? ይሄ ማዘዣ መድኃኒት እንደታዘዘለት ነው የሚናገረው፤ መፈተን እንደማይችል አይናገርም።» ከዚያ ግን አንድ ትልቅ ነገር አደረጉልን። ማመልከቻውን አልመለሱትም፤ መዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ ቁጥርና ቀን ያለው ማኅተም እንዲመታበት አዘዙና «የተሟላውን ይዛችሁ ኑ» አሏት። ማኅተሙ ሰኔ 9 ይላል፤ ከመጀመሪያው ፈተና አንድ ቀን በፊት ማለት ነው። ያ የተዝረከረከ ደብዳቤ የጠቀመኝ በይዘቱ ሳይሆን በቀኑ ነው። ከፈተና በፊት የገባ ጥያቄ «ላራዝምለት ወይ?» ተብሎ ነው የሚታየው፤ ከፈተና በኋላ የገባ ደግሞ መጀመሪያ «ለምን ቀድሞ አላሳወቀም?» የሚለውን ማለፍ አለበት። ስለዚህ ማስረጃው ገና ካልደረሰ ማመልከቻውን ብቻውን አስገብቶ «ማስረጃውን ከሆስፒታል እንደወጣሁ አቀርባለሁ» ማለት ይቻላል።

ማክሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ከሆስፒታል ወጣሁ። የሐኪም ማስረጃውን ለማምጣት እህቴ ረቡዕ ተመለሰች፤ በጣም የተማርኩትም ከዚህ ወረቀት ነው። ማኅተምና ፊርማ አለው፣ አምሮበታል። እኛም ጨረስን ብለን ነበር። ማታ ቁጭ ብለን ከፈተና ፕሮግራሙ ጋር ስናስተያየው ግን ሁለት ቀዳዳ ተገኘበት።

የመጀመሪያው ስሜ ነው። ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ስንገባ እህቴ ደንግጣ ያስመዘገበችኝ በቤት ስሜ ነበር። ካርዱም፣ ማስረጃውም፣ ሁሉም ወረቀት በቤት ስሜ ወጥቷል። ቤተሰቤ ያውቀኛል፤ ሬጅስትራር ግን በዚያ ስም የተመዘገበ ተማሪ የለውም።

ሁለተኛው የባሰ ነው፣ ምክንያቱም በዓይን አይታይም። ማስረጃው «የ7 ቀን ዕረፍት ታዞለታል» ይላል፤ ከመቼ ጀምሮ የሚል ግን የለበትም። ከላይ የተጻፈው ቀን ወረቀቱ የተሰጠበት ሰኔ 11 ነው። መነሻ ካልተጻፈ አንባቢ የሚቆጥረው ወረቀቱ ከተሰጠበት ቀን ነው፤ ከሰኔ 11 እስከ ሰኔ 17። በዚህ ስሌት ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ ያመለጠኝ የሰኔ 10 ፈተና ከዕረፍቱ ውጭ ይወድቃል! ሐኪሙ ያሰበው ግን ከወጣሁበት ከሰኔ 10 ጀምሮ ነበር፤ ይህ ሲቆጠር ሰኔ 16 ላይ ያልቃል። ልዩነቱ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያ አንድ ቀን ግን ከፊት አንዱን ፈተና ያስገባል፣ ከኋላ ሌላውን ያስወጣል።

ሐሙስ ጠዋት መታወቂያዬን ይዛ እንደገና ሄደች። ካርድ ክፍል ስሜን በመታወቂያው መሠረት አስተካከሉ፣ ሐኪሙም ማስረጃውን «ከሰኔ 10 እስከ ሰኔ 16» ብሎ ሰኔ 12 በሚል ቀን እንደ አዲስ ጻፈላት። እህቴ «ዶክተር፣ ቀኑን ሰኔ 10 ብለው ቢያደርጉት አይሻልም?» ብላ ነበር፤ እሱም አይሆንም አለ። ልክ ነበር። ማስረጃ ዛሬ ተጽፎ ያለፈውን ጊዜ ሊገልጽ ይችላል፣ የተሰጠበት ቀን ወደ ኋላ ከተጻፈ ግን ሆስፒታሉ መዝገብ ሲጠየቅ አይገኝም፤ ያን ጊዜ እውነተኛ ሕመምም ሐሰተኛ ይመስላል።

ከሰኔ 10 በፊት ላለው ጊዜ ደግሞ ሌላ አጭር ደብዳቤ አስጻፍን፦ ሰኔ 7 ሌሊት ገብቼ ሰኔ 10 ከቀኑ 9 ሰዓት መውጣቴን ብቻ የሚያረጋግጥ። ዲስቻርጅ ሰመሪ የሚሉትን ሙሉ ማጠቃለያ ማያያዝም እንችል ነበር፤ ግን የላቦራቶሪ ውጤቴንና የቀዶ ሕክምናውን ዝርዝር ትምህርት ክፍሉ ምን ያደርግለታል? ለኃላፊ የሚያስፈልገው የሕመሙ ዓይነት ሳይሆን ተማሪው በፈተናው ሰዓት መፈተን አለመቻሉና ይህን ያለው ማን እንደሆነ ነው። ዝርዝሩ የግድ ከተጠየቀ ያኔ ይታያል።

ሁለቱ ወረቀቶች ሲቀጣጠሉ ከሰኔ 7 ሌሊት እስከ ሰኔ 16 ምንም ክፍት ቀን የለም። ሰኔ 17 ግን አይሸፈንም። የመጀመሪያው ማመልከቻዬ «ሁሉም» ይል ስለነበር እህቴ ሐኪሙ አንድ ቀን እንዲጨምርልኝ ልትጠይቅ ፈልጋ ነበር። እኔ ተውኩት። ኦዲቱን አጥንቼ ጨርሻለሁ፤ ደግሞም ሐኪሙ ያላለውን የሚጠይቅ ማመልከቻ ሐኪሙ ያለውንም ያስጠረጥራል።

ሐሙስ ከሰዓት የገባው ሁለተኛው ማመልከቻ ይህ ነው፤ ስምና ቁጥሬን ብቻ አውጥቼዋለሁ፦

ቀን፦ ሰኔ 12
ለአካውንቲንግ ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ጉዳዩ፦ በሕመም ምክንያት ሁለት ፈተናዎች እንዲራዘሙልኝ ስለመጠየቅ

እኔ ስሜና የመታወቂያ ቁጥሬ ከታች የተገለጸው የ3ኛ ዓመት ተማሪ ቅዳሜ ሰኔ 7 ሌሊት በድንገተኛ ሕመም ሆስፒታል ገብቼ እሑድ ሰኔ 8 ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። ማክሰኞ ሰኔ 10 ከቀኑ 9 ሰዓት ወጥቼ እስከ ሰኔ 16 ዕረፍት ታዞልኛል። በዚህ ምክንያት ሰኔ 10 ጠዋት የተሰጠውን የኮስት አካውንቲንግ ፈተና አልወሰድኩም፤ ሰኔ 13 የሚሰጠውን የስታቲስቲክስ ፈተናም መውሰድ አልችልም። ስለሆነም ሁለቱን ፈተናዎች ከሰኔ 16 በኋላ ትምህርት ክፍሉ በሚወስነው ቀን እንድፈተን እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሰኔ 17ቱን የኦዲት ፈተና በፕሮግራሙ መሠረት እወስዳለሁ። ይህ ማመልከቻ ሰኔ 9 ያስገባሁትን የሚተካ ነው።

አባሪ፦
1. የሐኪም ማስረጃ፣ ሰኔ 12 የተሰጠ፣ ከሰኔ 10 እስከ 16 ዕረፍት የሚያዝ፣ 1 ገጽ
2. ሆስፒታል የገባሁበትንና የወጣሁበትን ቀን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ፣ 1 ገጽ
3. የፈተና ፕሮግራም፣ ሁለቱ ፈተናዎች የተሰመረባቸው፣ 1 ገጽ
4. የተማሪ መታወቂያ ኮፒ፣ 1 ገጽ
5. ሰኔ 9 ገቢ የሆነው ማመልከቻ ኮፒ፣ 2 ገጽ
ግልባጭ፦ ለሁለቱ ትምህርቶች መምህራን፣ ለሬጅስትራር

አባሪዎቹን በቁጥርና በገጽ ብዛት መጻፍ የቢሮ ወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ አንዱ ወረቀት ቢወድቅ፣ ዝርዝሩ ከሌለ ቀድሞ እንደነበረ የሚናገር ነገር አይኖርም። የማስረጃውን ዋና አሳይተን ኮፒውን ነው የተውነው። የመድኃኒት ደረሰኞቹን አውጥተናል፤ ስድስት ነበሩ፣ ክምሩን ከማወፈር በቀር ምንም አይጨምሩም።

ኃላፊዋ በዚያው ቀን ፈቀዱ። እህቴ ስትወጣ «ዓርብ እንዳይመጣ ንገሪው» አሏት። እኔ ለካ በልቤ ስታቲስቲክሱን ልሞክረው ይሆን እያልኩ ነበር። ምክንያቱን ነገሯት፦ ተማሪ አዳራሽ ገብቶ ከተፈተነ መፈተን እችላለሁ ብሏል ማለት ነው፤ ውጤቱ ሲበላሽ የሐኪም ወረቀት ቢያመጣ የሚሰማው የለም። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ደንቡ እንዲህ መሆኑን በኋላ አወቅሁ። በማስታገሻ እየናወዝኩ ብገባ ኖሮ ያ ሁሉ ወረቀት በገዛ እግሬ ይፈርስ ነበር።

ሰኔ 17 ኦዲትን ወሰድኩ፤ ሁለቱን ደግሞ ሰኔ 25 እና 26። እዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ውጤት ሲለጠፍ ግን ኮስት አካውንቲንግ ላይ ኤፍ አገኘሁ። መምህሩ ውጤት ያስገባው ሰኔ 20 ነው፤ የፈቃዱ ግልባጭ ለስታቲስቲክስ መምህሯ ደርሶ ለእሱ አልደረሰውም፤ ፈተናው ላይ ያልተገኘ ተማሪ ብሎ ዜሮ ሞልቶልኛል። የስታቲስቲክሱ በጊዜያዊነት «ያልተሟላ» ተብሎ ነበር የተመዘገበው፤ የኮስት አካውንቲንጉም እንዲያ መሆን ነበረበት።

በስልኬ ፎቶ ያነሳሁትን የፈቃድ ደብዳቤ አሳየሁት። አንብቦ ሳቀና «ይሄን ሰኔ 12 ብታመጣልኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። የውጤት ማስተካከያ ቅጽ ሞላ፣ ኃላፊዋ ፈረሙበት፣ ሬጅስትራር ወሰድኩት። ኤፉ ተነስቶ ትክክለኛው ውጤት እስኪገባ 11 ቀን ፈጀ፤ ቁስሌ ከዚያ በፊት ድኖ ነበር።