አማካዩን በዓምድ መቁጠር፦ ዕጣው ስንተኛው ላይ ይደገማል?

ሐዋሳ ውስጥ በማስተምረው የማጠናከሪያ ክፍል አሥር ተማሪዎች አሉ። ጥያቄ የሚመልሰውን የምንመርጠው በዕጣ ነው። የአሥሩም ስም በብጣሽ ወረቀት ላይ ተጽፎ ጣሳ ውስጥ ገብቷል፤ የወጣው ስም ከተነበበ በኋላ ተጠቅልሎ ይመለሳል። አንድ ጊዜ የወጣ ስም ዳግመኛ ሲወጣ ዕጣው እዚያው ያበቃና ወደ ዕለቱ ትምህርት እንገባለን። አንዲት ተማሪዬ «ቲቸር፣ በአማካይ ስንተኛው ዕጣ ላይ ነው የሚደገመው?» ብላ ጠየቀችኝ። አብዛኞቹ «ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው» ብለው ገመቱ።

የሚደገመውን ጨምሮ የወጡትን ዕጣዎች ብዛት X እንበለው። ከ2 ሊያንስ፣ ከ11 ሊበልጥ አይችልም። መጽሐፍ ላይ ያለው መንገድ X በትክክል 2፣ በትክክል 3፣ እያለ እስከ 11 ድረስ የመሆኑን ዕድል እየፈለጉ፣ እያንዳንዱን በራሱ ቁጥር እያባዙ መደመር ነው። ያደርሳል፤ ግን አድካሚ ነው። «በትክክል በአምስተኛው ተደገመ» ማለት ሁለት ነገር በአንድ ላይ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ አራቱ ተለያይተዋል፣ አምስተኛው ደግሞ ከአራቱ አንዱን መልሷል። «ከአራት በኋላም ገና አልተደገመም» የሚለው ግን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ አራቱ ስሞች ይለያያሉ ወይ? ይህን ለማስላት ማባዛት ብቻ ይበቃል።

ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ሠንጠረዥ ሠራሁ። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ቀን ነው፤ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ዕጣ። ዕጣ በወጣ ቁጥር በቦታው ራይት ይደረጋል። ለምሳሌ በአራት ቀን ዕጣው 3፣ 5፣ 4 እና 6 ጊዜ ወጣ እንበል። በረድፍ ስንቆጥር ራይቶቹ 3+5+4+6፣ በድምሩ 18 ናቸው። በዓምድ ስንቆጥር ደግሞ አንደኛው ዓምድ 4፣ ሁለተኛው 4፣ ሦስተኛው 4፣ አራተኛው 3፣ አምስተኛው 2፣ ስድስተኛው 1 ራይት አለው፤ ድምሩ ያው 18 ነው። ለአራት ሲካፈል አማካዩ 4.5 ይሆናል። ልብ በሉ፦ የአምስተኛው ዓምድ 2 ለ4 ሲካፈል የሚነግረን ዕጣው ከአራት በላይ የሄደበት ቀን ምን ያህል እጅ እንደሆነ ነው። ቀኖቹ ሲበዙ ይህ ቁጥር ወደ P(X>4) ይጠጋል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው፤ አማካዩ የዓምዶቹ ዕድሎች ድምር ነው።

E[X] = P(X>0) + P(X>1) + P(X>2) + …

እነዚህ ዕድሎች የጭራ ዕድሎች ይባላሉ፤ ከ k በላይ የቀረውን የስርጭቱን ጭራ ይለካሉና።

አሁን ወደ ጣሳችን እንመለስ። P(X>0) እና P(X>1) ሁለቱም 1 ናቸው፤ በአንድ ዕጣ የሚደገም ነገር የለም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እንዲለይ ከአሥሩ ዘጠኙ ይፈቀዱለታል፤ ስለዚህ P(X>2) = 0.9 ነው። ሦስተኛው ስምንት ምርጫ አለው፦ 0.9 × 0.8 = 0.72። ቀጥሎ በ0.7 ስናባዛ 0.504፣ ከዚያ 0.3024፣ 0.1512፣ 0.06048፣ 0.018144፣ 0.0036288፣ በመጨረሻም P(X>10) = 0.00036288። ከዚያ በኋላ ዜሮ ነው፤ አሥራ አንደኛው ዕጣ ያለ ጥርጥር ይደግማልና። እያንዳንዱ ቁጥር ከፊቱ ካለው የሚወለደው በአንድ ማባዛት ነው። ስንደምራቸው 4.66 ይወጣል። ግምታቸው ከዚህ በጣም ርቆ ስለነበር ተማሪዎቹ በረጅሙ መንገድም አስልተው አረጋገጡ፤ ያው 4.66 መጣ።

ተማሪ የሚስተው አንድ ቦታ አለ፤ መነሻው። በ«ይበልጣል» የሚጽፍ ሰው ከ k=0 ይጀምራል፤ በ«ይበልጣል ወይም እኩል ነው» የሚጽፍ ከ k=1 መጀመር አለበት። P(X≥k)ን ከዜሮ የጀመረ ሰው አንድ ሙሉ ቁጥር ይጨምርና 5.66 ያገኛል። መልሱ ሲታይ የማይረባ ስለማይመስል ዓይን አይይዘውም። እኔ የማስተምረው ማጣሪያ ቀመሩን ሁልጊዜ 3 በሆነ ተለዋዋጭ ላይ መሞከር ነው። ድምሩ 3 ከወጣ መነሻው ትክክል ነው፤ 4 ወይም 2 ከወጣ አንድ ቦታ ተንሸራቷል። ደግሞም X ከዜሮ በታች መውረድ የሚችል ከሆነ ይህ ድምር ብቻውን አይበቃም፤ በግራ በኩል ያለው ጭራ ተቆጥሮ መቀነስ አለበት።

ድምሩን መሃል ላይ ማቆምም ትርጉም አለው፤ እኔ ከዚህ ዘዴ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ብቻ ብንደምር 4.124 ይሆናል። ይህ ጎደሎ መልስ ብቻ አይደለም፤ ጊዜ ስለሌለን ከአምስት ዕጣ በላይ አናወጣም ብንል በአማካይ የምናወጣው ዕጣ በትክክል ይህን ያህል ነው። ስለዚህ የተቆረጠ ድምር ምንጊዜም ከእውነተኛው በታች ወይም እኩል ነው፤ ከላይ ሊያልፍ አይችልም።

ለትልቅ ክፍል በእጅ ማባዛቱ ስለሚሰለች እንዲህ ጻፍኩት፦

```python
def e(n):
    s, p = 0.0, 1.0
    for k in range(n + 1):
        s += p
        p *= (n - k) / n
    return s
```

`e(10)` ያንኑ 4.66 ይሰጣል። ስድሳ ተማሪ ላለው ክፍል 10.4 ገደማ ነው፤ ተማሪው ስድስት እጥፍ ሲሆን ጥበቃው ግን ከሁለት እጥፍ ብዙም አላለፈም። ምክንያቱም አማካዩ በግምት የሚያድገው በ n ስኩዌር ሩት ልክ ነው። `e(365)` ደግሞ 24.6 ገደማ ነው፤ የልደት ቀኑ ከቀደሙት የአንዱን የሚደግም ሰው እስኪገኝ በአማካይ የሚጠየቀው ሰው ብዛት ማለት ነው። በሰፊው የሚታወቀው 23 ሌላ ጥያቄ ይመልሳል፤ የመደገሙ ዕድል ከግማሽ የሚያልፍበትን። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው።

ጭራው ቶሎ በማይሳሳበት ጊዜ ምን እንደሚሆን ለማሳየት ምሳሌዬን ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወሰድኩ። የመጀመሪያውን ቆሮሶ መዝኑ፤ ከዚያ የሚበልጠው እስኪመጣ ስንት መመዘን ያስፈልጋል? ክብደታቸው አንዱ ከሌላው ነጻ ከሆነ፣ ሁሉም ከአንድ ዓይነት ስርጭት ከመጡና እኩል የሚሆኑ ከሌሉ፣ ከ k ዓሣ በኋላም አለመገኘቱ ማለት ከ k+1 ዓሦች ትልቁ የመጀመሪያው ነው ማለት ነው። የዚህ ዕድል 1/(k+1) ነው። ድምሩም 1 + 1/2 + 1/3 + 1/4 እያለ ይቀጥላል፤ ይህ ደግሞ ማቆሚያ የለውም። የሚበልጠው ዓሣ አንድ ቀን መምጣቱ የማይቀር ሆኖ ሳለ፣ በግማሹ ጊዜም ገና የመጀመሪያው ሙከራ ላይ የሚመጣ ሆኖ ሳለ፣ አማካዩ ወሰን የለውም።

ይህን በኮምፒውተር ለማስመሰል የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ «ከአንድ ሺህ በላይ አትጠብቅ» ብሎ ገደብ ያስቀምጣል፤ ከዚያም 7.5 አካባቢ የረጋ አማካይ ያገኛል። ያ ቁጥር ከላይ ያየነው የተቆረጠ ድምር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሺህ ዓምዶች ድምር። እውነቱን ለማየት ገደቡን አሥር እጥፍ ማድረግ ይበቃል፤ አማካዩ ወደ 9.8 ይወጣል። እንደገና አሥር እጥፍ ቢደረግ ሌላ 2.3 ገደማ ይጨምራል። የጣሳው ዕጣ ላይ ግን ገደቡ 11 ከደረሰ በኋላ የፈለገውን ያህል ቢሰፋ 4.66 ንቅንቅ አይልም።