«ከልጆቿ» እና «ጋር» ለምን ተለያዩ?

ለእናቴ ብዬ የእንግሊዝኛ የዱር እንስሳት ፊልሞች ላይ የአማርኛ ሰብታይትል መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ፊልም «ይሄ ምን ይላል?» ሳትል ጨረሰች። ኩራቴን ልደብቅ አልችልም።

የመጀመሪያው ወር ከፊደሉ ጋር ትግል ነበር። ፋይሉን በ UTF-8 ሴቭ ካላደረጋችሁ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ ያኔ ጽሑፉ ጠፍቷል፣ እንደገና መጻፍ ነው። በየቦታው áˆ የሚል ከታየ ግን አትደንግጡ። ፋይሉ ደህና ነው፣ ማጫወቻው ነው ኢንኮዲንጉን የተሳሳተው። ባዶ ሳጥን ከሆነ ደግሞ ፎንቱ ግዕዝ የለውም፤ እኔ Noto Sans Ethiopic እጠቀማለሁ። ጥቁሩን ጠርዝ ግን አታወፍሩት። የ«ሌ» ቀለበት ይሞላና ከ«ሊ» ጋር ይምታታል።

ስድስት ወር የፈጀብኝ የመስመር አሰባበር ነው። ፕሮግራሙ መስመሩን እኩል ለእኩል ሲቆርጠው አምኜው ኖርኩ። ይህን ተመልከቱ፦

ከትናንት ጀምሮ ስትከተላቸው የነበረችው
አንበሳ ዛሬ ግን አልመጣችም።

ርዝመቱ ክፍተቱንና አራት ነጥቡን ጨምሮ 24 እና 18 ፊደል ነው፣ ለዓይን ያምራል። ግን የመጀመሪያው መስመር «የነበረችው» ብሎ ይቆማል። ማን? በአማርኛ ገላጩ ከስሙ ይቀድማል፣ ስለዚህ ስሙ ወደ ታች ሲወርድ አንባቢ አየር ላይ ይንጠለጠላል። «አንበሳ»ን ወደ ላይ ባወጣው 29 እና 13 ይሆናል፤ አነባበቡ ይስተካከላል፣ ግን በእኛ ቴሌቪዥን ላይኛው መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላ። በመጨረሻ አረፍተ ነገሩን ራሱን ቀየርኩት፦

አንበሳዋ ከትናንት ጀምሮ ስትከተላቸው ነበር።
ዛሬ ግን አልመጣችም።

አሁንም 28 ፊደል ነው፣ ያው ረጅም ነው። ግን እያንዳንዱ መስመር በራሱ ያልቃል። እናቴ የምታነበው እንዲህ ነው፤ ዓይኗ አንዴ ምስሉ ላይ፣ አንዴ ጽሑፉ ላይ።

ከዚህ በኋላ «ከልጆቿ» ላይ ቆርጦ «ጋር»ን ታች የሚያስቀምጥ ሰብታይትል ሳይ ያናድደኛል። «እስከ ወንዙ» እና «ድረስ»፣ «መጥታ» እና «ነበር» እንደዚሁ አይለያዩም። መቁረጫችሁን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ትንፋሽ የማትወስዱበት ቦታ ላይ አትቁረጡ።

በ srt ፋይል የቆረጥኩትን ማጫወቻው ፊደሉ ሲተልቅ እንደገና ይሰብረዋል። ስለዚህ ወደ ass ፋይል ዞርኩ፦

```
WrapStyle: 2
```

ይህ ትእዛዝ ጽሑፉ የሚሰበረው እኔ `\N` ባስገባሁበት ብቻ እንዲሆን ያደርጋል። ጉዳቱ፣ ረጅም መስመር ከስክሪኑ ወጥቶ ይቀራል። ሁለቴ ደርሶብኛል፤ አንዱን ያገኘችው እናቴ ናት።

እውነቱን ለመናገር፣ ሌሊት ሲመሽብኝ ዛሬም ለፕሮግራሙ እተወዋለሁ። በማግስቱ «ጋር» ብቻዋን ተገትራ ትጠብቀኛለች።