መቶኛ የሞላበት የክህሎት ዝርዝር

በምሠራበት የሶፍትዌር ድርጅት የባክኤንድ ፕሮግራመር ለመቅጠር ቃለ መጠይቅ ስናደርግ የአንድ ወጣት ሲቪ ደረሰኝ። የክህሎት ክፍሉ ባለቀለም አሞሌዎች የሞሉበት ሲሆን ጊት 95 በመቶ፣ ማይኤስኪውኤል 90፣ ዶከር 85፣ ፒኤችፒ ደግሞ 70 በመቶ ይላል። ኤችቲኤምኤል፣ ላራቬል፣ ሊኑክስ፣ «የቡድን ሥራ» ሳይቀር ሁሉም በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል።

ጠያቂ ጥያቄውን የሚመርጠው ከፊቱ ካለው ወረቀት ነውና ከፍተኛውን ቁጥር ከያዘው ከጊት ጀመርኩ። «ስህተት ያለበት ኮሚት ወደ ዋናው ብራንች ፑሽ ተደርጎ ባልደረቦችህ አውርደውታል እንበል፤ እንዴት ትመልሰዋለህ?» አልኩት። `git reset --hard` እንደሚጠቀም መለሰልኝ። ይህ ትእዛዝ አንድ ሰው ብቻውን በሚሠራበት ብራንች ላይ እምብዛም አያስቸግርም፤ ሌሎች በያዙት ብራንች ላይ ግን ታሪኩን አስገድዶ መቀየርን ስለሚያስከትል የባልደረቦችን ሥራ ያፋልሳል። እዚያ የሚያስፈልገው የቀደመውን ሳይሰርዝ ለውጡን የሚቀለብስ አዲስ ኮሚት የሚፈጥረው `git revert` ነው። ይህን አለማወቅ ለጀማሪ ነውር አይደለም፤ 95 በመቶ ብሎ የጻፈ ሰው ሳያውቀው ሲቀር ግን ጠያቂው የቀሩትን ቁጥሮች ሁሉ ይጠራጠራል።

ወደ ፒኤችፒ ስንመጣ ሌላ ሰው ያገኘሁ ያህል ተሰማኝ። ለአንድ ትምህርት ቤት በላራቬል ስለሠራው የክፍያ ሥርዓት ሲያስረዳ፣ ደረሰኝ በኢሜይል የመላኩን ሥራ ለምን ሥራዎች ከጀርባ በተራ ወደሚከናወኑበት ኪው እንዳዛወረው፣ ሥራው ተቋርጦ ሲደገምም ወላጆች ሁለት ደረሰኝ እንዳይደርሳቸው ምን እንዳደረገ በዝርዝር ነገረኝ። ዝቅተኛውን ቁጥር የሰጠው በጥልቀት ለሚያውቀው ነገር ነበር፤ አብዝቶ የሠራበትን ነገር ስፋት ስላየ ይመስለኛል። መቶው የምን መቶ እንደሆነ ስለማይታወቅ፣ እንዲህ ያለው ቁጥር ለጻፊውም ለአንባቢውም መለኪያ ሊሆን አይችልም።

ለሁለተኛው ዙር ስናሳልፈው ሲቪውን አስተካክሎ እንዲመጣ ነገርኩት። «ታዲያ ደረጃዬን በምን ላሳይ?» ሲለኝ፣ በቁጥር ፋንታ የሠራበትን እንዲጽፍ መከርኩት። ቋንቋዎች በሚለው ሥር ፒኤችፒን፣ ጃቫስክሪፕትንና ኤስኪውኤልን አስቀመጠ፤ ላራቬል ፍሬምወርክ ስለሆነ ለብቻው ተጻፈ፤ ማይኤስኪውኤል ወደ ዳታቤዝ፣ ጊትና ዶከር ወደ መሣሪያዎች ሄዱ። በየምድቡ ዘወትር የሚጠቀምበት ቀድሞ፣ አልፎ አልፎ የነካው «በአንድ ፕሮጀክት» ከሚል ማብራሪያ ጋር ተከተለ። «የቡድን ሥራ» ከዝርዝሩ ወጥቶ፣ ከማንና እንዴት እንደሠራ በሥራ ልምዱ ሥር ተገለጸ። አሞሌዎቹም ተነሡ፤ በምስል መልክ የገባን ነገር ሲቪዎችን የሚያጣራ ሶፍትዌር ብዙውን ጊዜ አያነበውምና።

ከዶከር አጠገብ «ሌሎች ያዘጋጁትን ፋይል በራሴ ኮምፒውተር ላይ ማስነሣት» ብሎ ጻፈ። በሁለተኛው ዙር የጠየቀችው ባልደረባዬ ይህን አንብባ ስለ ዶከር አንድ ቀላል ጥያቄ ብቻ አነሣች፤ የቀረውን ጊዜ በሙሉ ስለ ክፍያ ሥርዓቱና ስለ ኪው ሲነጋገሩ ቆዩ።